ለስድስት ወር የምትቆም መኪና፦ ሰልባትዮው ይሙላ ወይስ ይጉደል?

ጎረቤታችን ጋሼ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በራችንን አንኳኩ። ልጃቸው ዋሽንግተን አካባቢ ወልዳለች፤ እሳቸውና ባለቤታቸው ሊያርሷት ሰኔ መግቢያ ላይ ሄደው ታኅሣሥ ላይ ይመለሳሉ። ጭንቀታቸው ግን የጉዞው አይደለም። «ቪትዟን ምን ላድርጋት?» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። መካኒካቸው ቤንዚኑን አስቀድተው ባዶ እንዲያቆሟት መክሯቸዋል። የሚስታቸው ወንድም «ጢም አድርገህ ሙላት» ብሏል። ልጃቸው ደግሞ በስልክ «ፊውል ስታቢላይዘር የሚባል ነገር እልክላችኋለሁ» ብላለች። ጭንቀቱ ይገባኛል። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ እንደ እሳቸው ያለ ጡረተኛ ይቺን አበላሽቶ ሌላ ልግዛ ቢል ምን ያገኛል?

ወደ እኔ የመጡት መካኒክ ሆኜ አይደለም፤ የደረሰብኝን ስለሚያውቁ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ለሥራ ሰባት ወር ያህል ከአገር ወጥቼ ነበር። «የሚቃጠል ነገር ለምን ሞልቼ አስቀምጣለሁ» ብዬ የነዳጅ መብራቷ እንደበራ አቆምኳት። ስመለስ ባትሪ ቀየርኩ፤ ማስነሻው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። መካኒኩ የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። የቤንዚን ሽታ አልነበረም፤ የቀለም ቤት ሽታ ነበር። የወጣው ሰባት ስምንት ሊትር የሻይ መልክ ነበረው። የነዳጅ ፓምፑ ተጣብቆ ነበር፤ ፊልትሮው ተቀየረ፤ ኢንጀክተሮቹ ወርደው ታጠቡ። ያዳንኩት የቤንዚን ገንዘብ የፓምፑን ግማሽ ዋጋ እንኳን አልሸፈነም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው። ቀላሎቹ ቶሎ ይተናሉ፤ ሞተር በቀዝቃዛ ጠዋት እንዲነሳ የሚያደርጉት ደግሞ እነሱው ናቸው። የቀረው ከአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ቀስ እያለ ይዋሃድና ሙጫ መሥራት ይጀምራል። ሙጫው የፀጉር ያህል ቀጭን በሆነው የኢንጀክተር ቀዳዳ ላይ ሲደርቅ መኪናው አልነሳ ይላል፣ ቢነሳም ይንገጫገጫል። ንጹሕ ቤንዚን በደህና ሁኔታ ስድስት ወር ገደማ ይቆያል ይባላል፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ መጠራጠር ነው።

ሁለቱም ብልሽት የሚፈልጉት አየር ነው፤ አየሩ ደግሞ ያለው ቤንዚን በሌለበት የሰልባትዮ ክፍል ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ክረምት ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ አየሩ እርጥብ ነው። ጎዶሎ ሰልባትዮ ቀን ሲሞቅ ይተነፍሳል፣ ሌሊት ሲበርድ ወደ ውስጥ ይስባል፤ እርጥበቱም አብሮ ይገባል። የዘመኑ ሰልባትዮዎች በደንብ ስለሚዘጉ ይህ እንደ ድሮዎቹ አይከፋም። ያም ሆኖ ሰባት ሊትር ይዛ የቆመች መኪና ሠላሳ አምስት ሊትር አየር ይዛለች ማለት ነው።

ስለዚህ የሚስታቸው ወንድም ትክክል ነው፤ «ጢም» የምትለዋ ቃል ግን ትስተካከል። ቤንዚን ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር 1 በመቶ ገደማ ያብጣል። የጋሼ ቪትዝ 42 ሊትር ትይዛለች፤ ይህ ማለት ከጠዋት ቅዝቃዜ ወደ ቀትር ሙቀት ስትሄድ ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ቦታ ትፈልጋለች። የማደያው ቧንቧ ራሱ «ቀጭ» ብሎ ሲያቆም ማቆም ነው። ቀጂው ሒሳቡን ለማሞላት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጫን «ይብቃ» ማለት አለባቸው፤ ትርፉ የነዳጁን ትነት ወደሚያጠራቅመው የከሰል ማጣሪያ ገብቶ ያበላሸዋል።

መካኒኩ «ይቀዳ» ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለካርቡራተር መኪና ወይም ለጄኔሬተር ብልሃት ነው። ቪትዝ ላይ ግን ፓምፑ ያለው ሰልባትዮው ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው። ሲደርቅ ላስቲኮቹ ይኮማተራሉ፤ ሰልባትዮው ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ይዝጋል። ጋሼ «ሞልቼ ብተወው አይሰርቁትም ወይ?» አሉኝ። ይህ የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ጥበቃ በሌለበት መንገድ ዳር የምትቆም ከሆነ ለሌባ ከማከማቸት ግማሽ አድርጎ ስታቢላይዘሩን መጨመር ይሻላል። የሳቸው ግን በተዘጋ ግቢ ውስጥ ናት፤ ክዳኗም በቁልፍ ነው የሚከፈተው።

ወደ ስታቢላይዘሩ እንምጣ። ዋና ሥራው ቤንዚኑ ከኦክስጅን ጋር እንዳይዋሃድ ማዘግየት ነው። የተበላሸን ቤንዚን አያድንም፤ ውሃ የገባበትንም አያደርቅም። ስለዚህ የሚጨመረው መኪናዋ ከመቆሟ በፊት፣ በትኩስ ቤንዚን ላይ ነው። ለሁለት ወር ብቻ ለምትቆም መኪና እኔ ገንዘቤን አላወጣበትም። ለስድስት ወር፣ ያውም በክረምት፣ አወጣለሁ። ሲመርጡ ጠርሙሱ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ለማከማቻ ወይም ለማቆያ የሚል ቃልና ለስንት ሊትር ስንት እንደሚጨመር። «ኢንጀክተር አጣቢ» ወይም «ኦክቴን ጨማሪ» የሚለው ሌላ ዕቃ ነው። ለናፍጣ መኪና ደግሞ ለናፍጣ የተሠራውን ነው መፈለግ፤ የናፍጣ ዋና ጠላት ውሃና እዚያ ውሃ ላይ የሚበቅለው ዝቃጭ ነውና።

ልጃቸው ልትልክ ያሰበችው አሜሪካ ውስጥ በየሱቁ የሚገኘውን ቀዩን ስታቢል ነው። በሰው ሻንጣ ልትልከው ነበር፤ እሱ አይሆንም። የነዳጅ ማከያ ተቀጣጣይ ስለሆነ አየር መንገዶች በሻንጣም በእጅም አይፈቅዱም። የጋሼ ወንድም ልጅ ከመኪና ዕቃ ሱቆች አፈላልጎ የታሸገ አገኘላቸው። ቀደም ብሎ የተከፈተ ወይም ማሸጊያው የተነካ ከሆነ ባይገዙት ይሻላል።

መጠኑን አብረን አሰላን። መመሪያው ለ9.5 ሊትር ገደማ 30 ሚሊ ሊትር ይላል። ሰልባትዮው ውስጥ 12 ሊትር ያህል ቀርቷል፤ 30 ሊትር ይቀዳል። ጋሼ ለ30ው ብቻ ሊያሰሉ ነበር፤ ግን የሚቆመው ሁሉም ነው። 42 ለ9.5 ሲካፈል 4.4፣ በ30 ሲባዛ 132፤ በቃ 130 ሚሊ ሊትር። ባለቤታቸው ያረጀ የልጅ ጡጦ ሰጡን፤ የሚሊ ሊትር መስመር አለው። ከዚያ በኋላ ለወተት እንዳይውል ጡጦው ወዲያው ተጣለ። ስታቢላይዘሩ ማደያ ከመድረስዎ በፊት ይፈሳል፤ የሚቀዳው ቤንዚን ራሱ እየመታ ያቀላቅለዋል። ከማደያው በኋላ ደግሞ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መንዳት ያስፈልጋል። ይህን የሚዘለው ብዙ ሰው ነው። ካልተነዳ መድኃኒቱ ሰልባትዮው ውስጥ ብቻ ይቀርና፣ ቧንቧውና ኢንጀክተሮቹ ውስጥ ያለው አሮጌው ቤንዚን እንዳለ ይቆማል።

ስለ ኢታኖል ጋሼ ጠይቀውኛል። አገራችን ውስጥ በ2001 ዓ.ም. ግድም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። የቀዱት ቤንዚን ኢታኖል ይኑረው አይኑረው መለየት ይቻላል። ቀጭን የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ውሃ ያድርጉ፣ ከፍታውን በእስክሪብቶ ያስምሩ፣ አሥር እጥፍ ያህል ቤንዚን ይጨምሩና ዘግተው ይነቅንቁ። ሲረጋ የታችኛው ውሃ ከመስመሩ በላይ ከፍ ካለ ኢታኖል አለ፤ ውሃው ስቦታል። ሰልባትዮ ውስጥም እንዲሁ ነው፦ ውሃ ሲበዛ ኢታኖሉ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል፣ ፓምፑ ደግሞ የሚስበው ከታች ነው። ይህ ከደረሰ ስታቢላይዘር አይመልሰውም፤ መድፋት ብቻ ነው። ሙከራው ውጪ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ ይሁን።

ሌሎቹን ፈሳሾች በሚመለከት ሐሳቤ አንድ ነው፦ ደረጃቸውን ከመሄድዎ በፊት ይመዝግቡ። የሞተር ዘይት አሮጌ ከሆነ ሲመለሱ ሳይሆን ሲሄዱ ይቀየራል፤ ያገለገለ ዘይት ውስጥ ያለው አሲድና እርጥበት ስድስት ወር ብረት ላይ መተኛት የለበትም። ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ከጠፋ አሥር ደቂቃ በኋላ ሲለካ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ይበል፤ አይለፈው። ኩላንቱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በመያዣው ሁለት መስመሮች መካከል ይሁን። እዚህ ላይ ጋሼን ትንሽ ተቆጣሁ። ራዲያተራቸው ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነበር፤ መልኩም ቡናማ። አዲስ አበባ ላይ ኩላንት የሚያስፈልገው ለበረዶ ሳይሆን ለዝገት ነው፤ ታጥቦ በኩላንት ተሞላ። የፍሬን ዘይቱ ግን ዝቅ ብሎ ስናገኘው አልሞላነውም። የሸራ ማለቅ ራሱ ደረጃውን ዝቅ ያደርገዋልና መጀመሪያ ሸራው ታየ፤ እውነትም አልቆ ነበር። ሦስቱንም በስልክ ፎቶ አነሳን። ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን አነጠፍን፤ ሲመለሱ ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለና ፎቶውና መስመሩ ካልተገጣጠሙ የትኛው እንደሚያፈስ ይታወቃል።

«የእህቴ ልጅ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ያስነሳልኛል» አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው። በአምስት ደቂቃ ሞተሩ አይሞቅም፤ የሚፈጠረው ውሃና ያልተቃጠለው ቤንዚን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፣ ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን አይመልስም። ሠላሳ ደቂቃ መንዳት ከቻለ ይንዳት፤ ካልቻለ አይንካት። የባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሏል፤ ጎማው ሞልቷል፤ የእጅ ፍሬኑ እንዳይጣበቅ ተለቆ ከጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጓል።

የመጨረሻው ሥራ ወረቀት መጻፍ ነበር። ጋሼ በራሳቸው እጅ ጽፈው መሪው ላይ ለጠፉት፦ የቆመችበት ቀን፣ የተቀዳው ሊትር፣ 130 ሚሊ ሊትር። ከሥሩም ሲመለሱ የሚያደርጉት፦ መጀመሪያ ካርቶኑን ማየት፣ ዘይቱ እንደ ወተት ነጣ ካለ አለማስነሳት፣ ሰልባትዮውን ማሽተት፤ ሽታው የቀለም ከሆነ መካኒክ መጥራት። ደህና ከሆነ ቁልፉን እስከ ማስነሻው ሳያደርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶ ፓምፑ ቤንዚን እንዲገፋ መተው፣ ከዚያ ማስነሳት። ባለቤታቸው ወረቀቱን አነበቡና አንድ መስመር ጨመሩበት፦ «ቁልፉ ያለው ሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።»