በሰዓት 60 ግራም፦ የብስክሌተኛው ስንቅና የአንጀቱ አቅም

ብስክሌት ለረጅም ሰዓት የሚነዳ ሰው ጉልበቱን የሚያገኘው በዋናነት ከስብና ከካርቦሃይድሬት ነው። ስብ በቀጭን ሰው ገላ ላይ እንኳ ለቀናት የሚበቃ ክምችት አለው፤ ችግሩ ኃይል የሚሰጠው በዝግታ መሆኑ ነው። ዳገት ሲጀምር ወይም ፍጥነት ሲጨመር ጡንቻ ወደ ካርቦሃይድሬት ያዘነብላል፤ የዚህ ክምችት ደግሞ ትንሽ ነው። በደንብ በልቶ ያደረ ሰው በጡንቻዎቹ ውስጥ 400 ግራም ገደማ፣ በጉበቱ ውስጥ ደግሞ እስከ 100 ግራም የሚደርስ ግላይኮጅን ይዞ ይነሳል። ጠንከር ባለ ጉዞ ይህ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ውስጥ ሊመናመን ይችላል።

የጉበት ክምችት ሲያልቅ የደም ስኳር ይወርዳል፤ ምልክቱም አይሰወርም። እግር ይዝላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ እያለ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሰውየው ያለ ምክንያት ይነጫነጫል፣ ቀላል የመንገድ ስሌት እንኳ ይጠፋበታል። በዚያ ሰዓት የተበላ ስኳር ስሜቱን ያነቃቃ ይሆናል እንጂ የጡንቻውን ክምችት መንገድ ላይ እያለ አይመልስለትም። ልምድ ያላቸው ብስክሌተኞች ረሃብ ሳይሰማቸው፣ ከተነሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መመገብ የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ታዲያ በሰዓት ስንት ግራም? መልሱን የሚወስነው ጡንቻ ሳይሆን አንጀት ነው። ግሉኮስ ከትንሹ አንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ባሉ አሸጋጋሪ ፕሮቲኖች በኩል ነው። እነዚህ እንደ በር ናቸው፤ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፉት የተወሰነ ነው። ግሉኮስ ብቻውን ሲወሰድ ሰውነት በጉዞ ላይ ሊጠቀምበት የሚችለው በደቂቃ 1 ግራም፣ በሰዓት 60 ግራም ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የተዋጠው አንጀት ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ሰውየው 55 ኪሎም ይሁን 85 ኪሎ ይህ መጠን ብዙ አይለወጥም። ስለ ፕሮቲን ወይም ስለ ዕለታዊ ምግብ የሚሰጡ ምክሮች በአብዛኛው በኪሎ ሲሰሉ የጉዞ ስንቅ በሰዓት ብቻ የሚሰላው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ጣሪያ ከፍ ለማድረግ የመጀመሪያው ዘዴ ሌላ በር መጠቀም ነው። በፍራፍሬና በማር ውስጥ የሚገኘው ፍሩክቶስ የሚያልፈው በራሱ አሸጋጋሪ ስለሆነ ከግሉኮስ ጋር አይጋፋም። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሮይ ጄንትየንስና አስከር ጁኬንድሩፕ ብስክሌተኞችን ላቦራቶሪ ውስጥ እያስነዱ በተለየ ካርቦን ምልክት የተደረገበት ስኳር አጠጧቸው። ምልክቱ ከሚያስወጡት ትንፋሽ ውስጥ ሲለካ ከተጠጣው ስኳር ምን ያህሉ በእርግጥ እንደተቃጠለ ታወቀ። ግሉኮስና ፍሩክቶስ አንድ ላይ ሲጠጡ የሚቃጠለው መጠን ከግሉኮስ ብቻው በግልጽ በለጠ። ዛሬ የሚሰጠው ምክር የተገነባው በእንዲህ ዓይነት ሥራዎች ላይ ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ለሚወስድ ጉዞ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም፣ ከዚያ ለሚረዝም ደግሞ ሁለቱ ስኳሮች ተደባልቀው በሰዓት እስከ 90 ግራም።

ድብልቁን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ተራው ነጭ ስኳር ራሱ እኩል የግሉኮስና የፍሩክቶስ ጥምረት ነው፤ አንጀት ሲደርስ ለሁለት ይከፈልና እያንዳንዱ በየበሩ ይገባል። በውድ የሚሸጡት ጄሎች በአብዛኛው ማልቶዴክስትሪን የተባለ የግሉኮስ ሰንሰለትና ፍሩክቶስ ናቸው። ጥቅማቸው ጣፋጭነታቸው አነስ ማለቱና ለመያዝ መመቸታቸው ነው፤ በአምስተኛው ሰዓት ላይ የስኳር ጣዕም ያስጠላው ሰው ይህን ዋጋ ይሰጠዋል። ለሌላው ግን ስኳር፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ሥራውን ይሠራሉ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ይዘወተራል። ለተቅማጥ የሚሰጠው ለምለም ግሉኮስና ጨው ስላለው የብስክሌተኛ መጠጥ አድርገው የሚይዙት አሉ። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ግን 13.5 ግራም ብቻ ነው። ፈሳሽ ለመተካት የተሠራ ስለሆነ እንደ ስንቅ ቢቆጠር ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቆሎም ቢሆን ለዝግተኛ መንገድ ወይም ለእረፍት ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ግን አሰሩ ጨጓራ ውስጥ ይቆይና ይከብዳል፤ እያለከለኩ ማኘክም ትንታ ያመጣል።

ስሌቱን ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው መንገድ ላይ ማየት ይቻላል። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መድረሻውም ከመነሻው ከፍ ይላል። በአማካይ 150 ዋት የሚያወጣ ሰው ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል እንበል። ይህ ሰው በሰዓት 540 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ በጠቅላላው ከ3,200 በላይ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ቢመጣ 1 ግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ 480 ግራም ይጠጋል፤ ይኸውም በሰውነቱ ውስጥ ያለው ክምችት በሙሉ ማለት ነው። የክንድና የትከሻ ጡንቻ የያዘው ግላይኮጅን ለእግር አይበደርም፤ ስለዚህ ምንም ሳይበላ የሚጓዝ ሰው ወረቀት ላይ የሚደርስ ቢመስልም መንገድ ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ይህ ሰው 750 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ሁለት የውሃ ኮዳዎች ይይዛል፤ በእያንዳንዳቸው 60 ግራም ስኳር ይበጠብጣል። ይህ በሾርባ ማንኪያ አምስት ልክ ያህል ነው፤ ማንኪያ ከማንኪያ ስለሚለያይ ግን በሚዛን መመዘን ይሻላል። መጠጡ 8 በመቶ ስኳር ይሆናል፤ ከዚህ ብዙ ከወፈረ ከጨጓራ ለመውጣት ይዘገያል። በሰዓት ግማሽ ሊትር ሲጠጣ ከኮዳው 40 ግራም ያገኛል። በዚያ ላይ በየሰዓቱ አንድ መካከለኛ ሙዝ ወይም አራት ትናንሽ ቴምር ሲጨምር 65 ግራም ይደርሳል። አወሳሰዱ በየሩብ ሰዓቱ ሦስት አራት ጉንጭ ነው፤ ተጠራቅሞ በአንዴ የሚጠጣ ግማሽ ሊትር ጨጓራን ይወጥራል። ኮዳዎቹ በሦስተኛው ሰዓት ያልቃሉ። ሁለት ስልሳ ስልሳ ግራም ስኳር በላስቲክ ቋጥሮ ከያዘ ከግማሽ መንገድ አለፍ ብላ በምትገኘው ሸኖ ውሃ ገዝቶ መበጥበጥ ይችላል። ስኳሩ ቢጠፋበት እንኳ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ኮላ 30 ግራም ገደማ ይሰጠዋል። በስድስት ሰዓት ውስጥ የሚወስደው ተደምሮ 390 ግራም ይሆናል፤ ክምችቱ ላይ ያለው ጫና በብዙ ይቀላል።

ይህን ሁሉ በጉዞው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረ ሰው ግን ደብረ ብርሃን ከመድረሱ በፊት ሆዱን ይዞ መቆሙ የተለመደ ነው። በጠንካራ ጉዞ ጊዜ ደም ወደ እግርና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ አንጀት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ሙቀትና የውሃ ጥማት ሲጨመሩ ሁኔታው ይብሳል። ያልለመደ አንጀት በዚህ ሰዓት 65 ግራም ሲመጣበት ማሳለፍ ያቅተዋል።

አንጀት ግን ይለምዳል፤ ጣሪያውን ከፍ የሚያደርገው ሁለተኛው ዘዴ ይኸው ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት እየሮጡ ብዙ ካርቦሃይድሬት መውሰድን ለሁለት ሳምንት የተለማመዱ ሯጮች የሆድ ችግራቸው ቀንሷል፤ ሳይመጠጥ የሚቀረው ስኳርም አንሷል። ጨጓራ ጣፋጭ ፈሳሽን ቶሎ ማሳለፍ ይማራል፤ ካርቦሃይድሬት በብዛት ሲበላ የአሸጋጋሪዎቹ ቁጥርም እንደሚጨምር ከእንስሳት ጥናት ታውቋል።

ልምምዱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ከታሰበው ጉዞ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ሲቀር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ረዘም ያለ ልምምድ ይመረጣል። በሰዓት ከ30 ወይም ከ40 ግራም ይጀመርና ሆድ ዝም ካለ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ 10 ግራም ይጨመራል። ዋናው ነገር በጉዞው ቀን የሚወሰደው ያው ስኳር፣ ያው ሙዝ፣ ያው የውሃ መጠን በዚያው ፍጥነት መሞከሩ ነው። በለስላሳ ሜዳ ላይ 80 ግራም የተቀበለ ሆድ ዳገት ላይ 50 ግራም ሊመልስ ይችላል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ የተወሰደውን ግራም፣ የተጠጣውን ውሃና ሆድ የተሰማውን መጻፍ ይረዳል፤ ትውስታ እንዲህ ባለው ነገር ላይ አይታመንም።

ችግር ሲመጣ ቦታው ምክንያቱን ይጠቁማል። ከላይ ሆድ ላይ የሚንቦጫረቅ ውሃ፣ ማግሳትና ማቅለሽለሽ ካለ ፈሳሹ ከጨጓራ አልወጣም ማለት ነው፤ መጠጡ ወፍሯል ወይም ፍጥነቱ በዝቷል። መፍትሔው ለአሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ቀስ ብሎ ንጹሕ ውሃ ብቻ እየተጎነጩ መንዳት ነው። ከእምብርት በታች ቁርጠት፣ ንፋትና የተቅማጥ ስሜት ከመጣ ደግሞ ስኳሩ አንጀት ደርሶ አልተመጠጠም፤ ውሃ ወደ ራሱ እየሳበና በባክቴሪያ እየተብላላ ነው። ያኔ የሰዓቱን ግራም መቀነስ፣ በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ አንድ ደረጃ ወርዶ እንደገና መጀመር ይሻላል። ፍሩክቶስ በተፈጥሮ የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ፤ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂ በቤታቸውም ሆዳቸውን የሚነፋቸው ከእነዚህ መሆናቸውን ሊጠረጥሩ ይገባል።

በቅርብ ዓመታት በታላላቅ የአውሮፓ ውድድሮች የሚሳተፉ ባለሙያዎች በሰዓት 100 እና 120 ግራም እንደሚወስዱ ይሰማል። እነሱ በሰዓት የሚያቃጥሉት ከላይ ከተጠቀሰው መንገደኛ እጥፍ የሚጠጋ ነው፤ አንጀታቸውንም ለዓመታት አለማምደዋል። በ150 ዋት ለሚነዳ ሰው ከ60 እስከ 70 ግራም ይበቃል፤ ትርፉ ለሆድ ሕመም ካልሆነ ብዙም አይጠቅምም። ከአንድ ሰዓት ለሚያንስ ጉዞ ደግሞ ውሃ ብቻ ይበቃል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ስሌት ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር መከተል የለበትም፤ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው የጉዞው ርዝመት ራሱ መጠኑን ይለውጠዋልና። እስከ ከሰዓት የሚጾሙ ብስክሌተኞች በጾሙ ወራት ረጅሙን ልምምድ ከተፈቱ በኋላ ማድረግ ወይም በጾም የሚሄዱበትን ጉዞ አጭርና ዝግ ያለ ማድረግ ይኖርባቸዋል፤ የአንጀት ልምምዱም በእነዚያ ሳምንታት ስለሚላላ ከፋሲካ በኋላ ከ40 ግራም እንደገና ይጀመራል።