ከሁለት ነጥብ ወደ አንድ አቅጣጫ፦ በጉም ውስጥ በኮምፓስ መራመድ

በባሌ ተራሮች የሳኔቲ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ቀኑ ሲጠራ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ከሩቅ እያዩ መሄድ ይቻላል። ጉም ሲወርድ ግን ተራራው ይሰወራል፤ ሜዳውም በየትኛውም ወገን አንድ ዓይነት ይሆናል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሁለት ነጥቦች ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲሁም ኮምፓስ በእጁ ያለ ሰው መንገዱን አስልቶ መሄድ ይችላል።

የቆምንበት ቦታ ኬክሮስ 6.8400፣ ኬንትሮስ 39.8420 ነው እንበል። የቱሉ ዲምቱን ጫፍ ደግሞ በ6.8260 እና በ39.8190 እንያዘው። መጀመሪያ ከመድረሻው ቁጥር መነሻውን እንቀንሳለን። ኬክሮሱ 0.0140 ዲግሪ፣ ኬንትሮሱም 0.0230 ዲግሪ ቀንሷል፤ ይህም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ እንደምንሄድ ይነግረናል። ቀጥሎ ዲግሪውን ወደ ርቀት እንለውጣለን። በዚህ አካባቢ 1 ዲግሪ ኬክሮስ 110.6 ኪሎ ሜትር ሲሆን 1 ዲግሪ ኬንትሮስ 110.5 ነው። ሁለቱ የተቀራረቡት ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው፤ ለንደን ላይ 1 ዲግሪ ኬንትሮስ 69 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እኛ እንግዲህ 1,548 ሜትር ወደ ደቡብ፣ 2,542 ሜትር ወደ ምዕራብ ይጠብቀናል። ቀጥታ ርቀቱ 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ማዕዘኑን ለማግኘት ምዕራቡን ለደቡቡ አካፍሎ የታንጀንቱን ግልባጭ መውሰድ ነው። ካልኩሌተሩ 58.7 ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ቁጥር ከደቡብ ወደ ምዕራብ የተቆጠረ ማዕዘን እንጂ ቤሪንግ አይደለም። ቤሪንግ ከሰሜን ተነስቶ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ስለሚቆጠር 180 እንጨምርበታለን፤ 238.7 ይሆናል፣ 239 ብንለው ይበቃል። ኤክሴል ለሚጠቀም ሰው ይህ ሁሉ በአንድ መስመር ያልቃል፤ ሰሜኑ እንደሚቀድም ግን ልብ ይበል፦

```
=MOD(DEGREES(ATAN2(-1548,-2542)),360)
```

የኮምፓስ መርፌ የሚያሳየው የካርታውን ሰሜን ሳይሆን የመግነጢሱን ሰሜን ነው። በዚህ አካባቢ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 2 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ልዩነቱ ከዓመት ዓመት ስለሚቀየር ከጉዞ በፊት የወቅቱን መጠን መመልከት ያስፈልጋል። ወደ ምሥራቅ ካዘነበለ ይቀነሳል፦ 239 ሲቀነስ 2፣ 237 ዲግሪ። በመቀነስ ፈንታ የደመረ ሰው 4 ዲግሪ ይስታል፤ በ3 ኪሎ ሜትር ላይ ይህ 200 ሜትር ያህል መራቅ ነው። በጉም ውስጥ ለመጥፋት ይህ ይበቃል።

አሁን የኮምፓሱን ቀለበት 237 ላይ እናስተካክላለን፤ ኮምፓሱን ሆድ አጠገብ አግድም ይዘን ቀዩ መርፌ በሥፍራው እስኪገባ መላ ሰውነታችንን እናዞራለን። ከዚያ በኋላ ዓይን ከኮምፓሱ ላይ ይነሳ። መርፌውን እያየ የሚራመድ ሰው ሳያውቀው ወደ ጎን ይንሸራተታል። ይልቅ በአቅጣጫው ላይ ያለ ጅብራ ወይም ድንጋይ መርጦ እስከዚያ መሄድ፣ ደርሶ እንደገና መለካት ነው። ጉሙ ሁሉን ከሸፈነ አንድ ጓደኛ ወደፊት ይሂድ፤ ከኋላ ያለው «ትንሽ ወደ ግራ» እያለ ያቁመውና ወደ እሱ ይራመድ። ርቀቱ በእርምጃ ይቆጠራል፦ ብዙ ሰው በ100 ሜትር ቀኝ እግሩን ከ60 እስከ 70 ጊዜ ያሳርፋል፤ ዳገት ላይ ግን ቁጥሩ ስለሚጨምር የራስን ልክ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ሐይቅ ከገጠመ በ90 ዲግሪ ወደ ጎን መታጠፍ፣ እርምጃውን መቁጠር፣ ሐይቁን አልፎ ያንኑ ያህል ወደ መስመሩ መመለስ ነው።

ሳኔቲ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሠራ አምባ ነው፤ አንዳንዱ ድንጋይ መግነጢስነት ስላለው ኮምፓስን ዓለት ላይ አስቀምጦ መለካት አይገባም። ከብረት ማማና ከስልክም መራቅ ነው። ጥርጣሬ ሲገባ ወደ ኋላ ዞሮ ትቶት የመጣውን ምልክት መለካት ይረዳል፦ 237 ሲቀነስ 180፣ 57 መስጠት አለበት። ካልሰጠ መርፌውን የሚስብ ነገር አጠገብ አለ ወይም መስመሩን ለቀናል።

ኮምፓስ ስትገዙም ለየትኛው የምድር ክፍል እንደተሠራ ጠይቁ። የመግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ እዚህ መርፌው አግድም ለመሆን ይፈልጋል፤ ለሰሜን አውሮፓ የተመዘነ ኮምፓስ ግን አንድ ጫፉ ያዘቀዝቅና ከሽፋኑ ወይም ከወለሉ ጋር ይፋተጋል። ለማረጋገጥ አግድም ያዙትና መርፌው በነፃነት መዞሩን ተመልከቱ፤ የሚይዘው ከሆነ ይዛችሁት አትውጡ።