የሕፃን ጉሮሮ ሲታፈን፦ ክሩፕና ኤፒግሎታይቲስ እንዴት ይለያሉ?

ክሩፕና ኤፒግሎታይቲስ ማንቁርት አካባቢ እብጠት ፈጥረው የትንንሽ ልጆችን ትንፋሽ የሚያፍኑ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። በሁለቱም ልጁ አየር ሲስብ ሻካራ ድምፅ ስለሚሰማ በመጀመሪያ ዕይታ ይመሳሰላሉ። ይሁን እንጂ ክሩፕ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መጠን መድኃኒት ይረግባል፤ ኤፒግሎታይቲስ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ክሩፕን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ በብዛት የሚገኘውም ፓራኢንፍሉዌንዛ የተባለው ነው። በዋናነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል። እብጠቱ የሚፈጠረው ከድምፅ አውታሮች በታች፣ ልም አጥንት እንደ ቀለበት ዙሪያውን በከበበው ቦታ ነው። ቀለበቱ ስለማይለጠጥ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይገፋል። የሕፃን አየር ቧንቧ ከመነሻው ጠባብ በመሆኑ የ1 ሚሊ ሜትር እብጠት እንኳ የመተላለፊያውን ስፋት ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል።

ኤፒግሎቲስ የሚባለው ምግብ ስንውጥ የአየር ቧንቧውን የሚከልለው፣ ከምላስ ሥር ያለ ክዳን ነው። ይህ ክዳን በባክቴሪያ ተመርዞ ሲያብጥ ሕመሙ ኤፒግሎታይቲስ ይባላል። ዋነኛ መንስኤው ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ በብዛት የሚታየውም ከ2 እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ነው። ያበጠው ክዳን በድንገት ቧንቧውን ሊደፍነው ይችላል።

በአንድ ሌሊት ወደ ጤና ተቋም የመጡ ሁለት ልጆችን እናስብ። የመጀመሪያው የ18 ወር ልጅ ነው፤ ክብደቱ 10 ኪሎ ነው። ለሁለት ቀን ጉንፋን ይዞት ቆይቶ እኩለ ሌሊት ላይ የውሻ ጩኸት የሚመስል ሳል ጀመረው። ድምፁ ጎርንኗል፤ ትኩሳቱ መጠነኛ ነው። ቢነጫነጭም ውኃ ይጠጣል። ይህ ክሩፕ ነው። ሁለተኛዋ የ4 ዓመት ልጅ ጠዋት ደኅና ነበረች። ከሰዓት በኋላ ጉሮሮዬን አመመኝ አለች፤ ሲመሽ በከፍተኛ ትኩሳት ትነድ ጀመር። አትስልም። ምራቋን መዋጥ ስላቃታት ይዝረከረካል፤ ድምፇም ታፍኗል። እጆቿን ተደግፋ ወደ ፊት አዘንብላ፣ አገጯን አውጥታ ከመቀመጥ በቀር መንቀሳቀስ አትፈልግም። ይህ የኤፒግሎታይቲስ ምልክት ነው። ሳሉ፣ ምራቁና የሕመሙ ፍጥነት ሁለቱን ይለያሉ።

ለክሩፕ ዋናው መድኃኒት ዴክሳሜታዞን ነው። በኪሎ 0.6 ሚሊ ግራም ሲታሰብ 10 ኪሎ የሚመዝነው ልጅ 6 ሚሊ ግራም በአፍ አንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ልጁ ሳያለቅስ ጸጥ ብሎ ሳለም ሻካራው ድምፅ የሚሰማ፣ ደረቱም ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ አድሬናሊን በጭጋግ መልክ እንዲስብ ይደረጋል። የአድሬናሊን ጥቅም ሁለት ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ ልጁ ወዲያው ወደ ቤት አይላክም፤ ለጥቂት ሰዓታት ክትትል ይደረግለታል። ሻካራው ድምፅ እየቀነሰ ልጁ ግን እየደከመና እያንቀላፋ ከሄደ፣ ይህ መሻል ሳይሆን አየር ማለቁ ነው።

በኤፒግሎታይቲስ ከሁሉም የሚቀድመው የአየር መንገዱን ማስከበር ነው። አፍ ከፍቶ በማንኪያ ጉሮሮ ማየት፣ በግድ ማስተኛት፣ ከእናት መለየት፣ መርፌ መውጋትና ለራጅ መላክ ልጅቷን ያስለቅሳሉ፤ ልቅሶው ደግሞ መተላለፊያውን በአንድ ጊዜ ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ በመረጠችው አቀማመጥ እናቷ እቅፍ ውስጥ ትቆይ፤ ኦክስጅን ፊቷ አጠገብ ይያዝላት። ከሁሉ የላቀ ልምድ ያለው የማደንዘዣ ባለሙያና አንገት ላይ ቀዳዳ ማውጣት የሚችል ቀዶ ሐኪም ይጠሩ። በቀዶ ሕክምና ክፍል በሚሳብ ማደንዘዣ ካስተኟት በኋላ ለዕድሜዋ ከሚጠበቀው የቀጠነ ቱቦ ያስገባሉ። ደም መውሰድና እንደ ሴፍትሪያክሰን ያለ ፀረ ባክቴሪያ መስጠት የሚከተለው ቱቦው ከገባ በኋላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል።

ምልክቶቹ ሁልጊዜ ጥርት ብለው አይታዩም። ባዕድ ነገር የዋጠ ልጅ ያለ ትኩሳት በድንገት ሊታፈን ይችላል፤ ለክሩፕ መድኃኒት የማይበገርና በከፍተኛ ትኩሳት የሚብስ ልጅ ደግሞ የአየር ቧንቧው በባክቴሪያ ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ልጁ ኤፒግሎታይቲስ እንደያዘው ተቆጥሮ ይያዛል።

የሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ ክትባት በኢትዮጵያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2007 ጀምሮ በአምስት በአንድ ክትባት ውስጥ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት ይሰጣል። ሕመሙን የሚከላከለው ይህ ክትባት ነው፤ እንጥል መቁረጥ አይደለም። በታፈነ ጉሮሮ ላይ ምላጭ ማሳረፍ ደም መፍሰስና ድንገተኛ መዘጋት ያስከትላል። ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ትኩሳት ያለውና ለመተንፈስ የሚታገል ልጅ ያጋጠማቸው ወላጆች አፉን ሳይከፍቱ፣ ተቀምጦ ባለበት ሁኔታ ታቅፈው ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ያድርሱት።