የአንድ ቀን ዕድሜ ያለው ኦፕሽን

ለቤት ወይም ለመኪና ቀብድ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው ኦፕሽን ምን እንደሆነ ግማሹን ያውቀዋል። ቀብድ የተቀበለ ሻጭ በተስማሙበት ዋጋ፣ እስከተስማሙበት ቀን ድረስ ይጠብቃል፤ ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ትቶ ይሄዳል። ኦፕሽንም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ ሁለት ነው። ለኦፕሽን የሚከፈለው ገንዘብ፣ ማለትም ፕሪሚየሙ፣ እንደ ቀብድ ከዋናው ዋጋ ላይ አይቀነስም። ውሉ ራሱም ቀኑን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል፣ ይለወጣል። በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት የሚሰጠው ውል ኮል፣ የመሸጥ መብት የሚሰጠው ደግሞ ፑት ይባላል።

እዚህ የምንተዋወቀው ጠዋት ገበያ ሲከፈት የዕለቱን ፀሐይ አይቶ፣ ማታ ገበያ ሲዘጋ የሚሞተውን ውል ነው። የአሜሪካ ነጋዴዎች 0DTE ይሉታል፤ የቀረው ዕድሜ ዜሮ ቀን ነው ማለት ነው። ድሮ ኦፕሽኖች የሚያበቁት በወር አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ዓርብ ነበር። የቺካጎው ሲቦ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2005 በየሳምንቱ ዓርብ የሚያበቁትን ጀመረ። በ2016 ሰኞና ረቡዕ፣ በ2022 ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካን 500 ትልልቅ ኩባንያዎች በሚከተለው SPX በተባለው መለኪያ ላይ ውል የማያበቃበት የሥራ ቀን የለም። በ2023 በSPX ኦፕሽን ከተደረገው ግብይት ከ40 በመቶ በላይ የሆነው በዚያው ቀን በሚያበቃ ውል ነበር።

ርካሽ የሚመስለው ውድ ነው

ምሳሌያችን SPY ይሁን። ይህ እነዚያኑ 500 ኩባንያዎች የሚከተል፣ እንደ አክሲዮን የሚሸጥ ፈንድ ነው፤ አንድ የኦፕሽን ውል 100 ድርሻ ይይዛል። ዋጋው 600 ዶላር ነው እንበል፤ በቀን ወደ ላይም ወደ ታችም 6 ዶላር ያህል፣ ማለትም አንድ በመቶ፣ ይንቀሳቀሳል ተብሎ ይጠበቅ። ሰዓቱን የኒውዮርክን በእኛ አቆጣጠር እንያዝ፤ ገበያው ከጠዋቱ 3፡30 ይከፈታል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ይዘጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች በተለመደው የኦፕሽን ቀመር የተሰሉ ናቸው።

ጠዋት ሲከፈት በ600 ዶላር የመግዛት መብት የሚሰጥ፣ በዕለቱ የሚያበቃ ኮል 2.40 ዶላር ገደማ ያወጣል። በመቶ ድርሻ ሲባዛ 240 ዶላር ነው። 21 የገበያ ቀናት፣ ማለትም አንድ ወር ገደማ የቀረው ተመሳሳይ ኮል 11 ዶላር፣ በውል 1,100 ዶላር ይሆናል። ጀማሪ ዓይኑን የሚጥለው 240 ላይ ነው። ግን ስሌቱን አስተውሉ፦ የጊዜው አንድ ሃያ አንደኛ የተገዛው ከዋጋው አንድ አምስተኛ በሚበልጥ ገንዘብ ነው። ወሩን ሙሉ በየጠዋቱ አንድ ውል የሚገዛ ሰው 5,000 ዶላር ያህል ያወጣል።

ምክንያቱ የገበያው እንቅስቃሴ ከጊዜ ጋር እኩል አለማደጉ ነው። አንድ ቀን ከፍ ያለው በማግስቱ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ በ21 ቀን ውስጥ የሚጠበቀው ርቀት የአንድ ቀኑ 21 እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ የ21 ስኩዌር ሩት ማለት ነው። የኦፕሽን ዋጋም የሚከተለው ይህንኑ ርቀት ነው። ስለዚህ ዋጋው ሲጀመር በዝግታ ይቀልጣል፣ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ይጣደፋል። ገበያው ካለበት ባይነቃነቅ፣ ጠዋት 2.40 የነበረው ውል ቀኑ ሲጋመስ 1.70፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 94 ሳንቲም፣ ከመዘጋቱ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ 47 ሳንቲም ይሆናል፤ በ10 ሰዓት ባዶ ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ የወለድ ውሳኔውን ከቀኑ 8 ሰዓት በሚያሳውቅበት ቀን ግን ቅልጠቱ እንዲህ የተስተካከለ አይደለም። ዋጋው እስከ 8 ሰዓት ድረስ ራሱን ይይዝና ዜናው እንደወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይወድቃል።

ጀማሪውን ግራ የሚያጋባው ውጤት ከዚህ ይመጣል። ገበያው ይወጣል ብሎ ኮሉን በ240 ዶላር የገዛው ሰው ልክ ነበር እንበል፤ SPY በ601.50 ዘጋ። ውሉ በዚያ ሰዓት የሚያወጣው ከ600 በላይ ያለውን 1.50 ብቻ ነው፤ ማለትም 150 ዶላር። አቅጣጫውን አውቆ 90 ዶላር ከሰረ። እንዲያተርፍ ገበያው ከ602.40 በላይ መዝጋት ነበረበት። የአንድ ወሩን ውል የያዘው ጎረቤቱ በዚያችው ቀን፣ በዚያው እንቅስቃሴ 50 ዶላር ገደማ አተረፈ። የአንድ ቀን ውል የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ አቅጣጫ፣ ርቀትና ሰዓት። አንዱ ቢጎድል ነገ የሚባል ማካካሻ የለውም።

መሪው የሚያብደው መጨረሻ ላይ ነው

ሁለተኛው ጠባይ ፍጥነቱ ነው። ገበያው በአንድ ዶላር ሲንቀሳቀስ ኦፕሽኑ በምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚለካው ቁጥር ዴልታ ይባላል። ዴልታው ራሱ በምን ፍጥነት እንደሚለዋወጥ የሚለካው ደግሞ ጋማ ነው። ገበያው ከውሉ ዋጋ ጋር እኩል ሲቆም የሁለቱም ውሎች፣ የወሩም የቀኑም፣ ዴልታ 0.50 ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ቁጥር አንድ ዓይነት ስለሆነ ጀማሪ አንድ ዓይነት ዕቃ የያዘ ይመስለዋል።

ከቀኑ 9፡45 ላይ SPY 600 ላይ ቆሟል፤ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። የወሩ ውል ገበያው በአንድ ዶላር ቢወጣ ከ11 ወደ 11.50፣ ቢወርድ ወደ 10.50 ይሄዳል፤ አምስት በመቶ ያህል ነው። የዕለቱ ውል ግን 47 ሳንቲም ላይ ነው። ያችው አንድ ዶላር ወደ ላይ ከሆነች 1.13 ይሆናል፤ ወደ ታች ከሆነች 13 ሳንቲም ብቻ ይቀራል። የአንድ ዶላር እንቅስቃሴ ከ600 ላይ ከአንድ በመቶ አንድ ስድስተኛ ገደማ ናት፤ በማንኛውም ተራ ቀን በደቂቃዎች የምትመጣና የምትሄድ ናት። ይህን ያመጣው ዜና ሳይሆን የሰዓቱ ማለቅ ነው። ሩብ ሰዓት ሲቀር ውሉ ወይ ሙሉ ዋጋ ያለው ወይ ባዶ ወደመሆን ይሄዳል፤ በመካከል የሚቆምበት ቦታ ይጠብበታል።

ለዚህ ነው እዚህ ውል ላይ የኪሳራ ገደብ ትእዛዝ እንደታሰበው የማይሠራው። በ30 ሳንቲም እንዲሸጥ ያዘዘ ሰው ዋጋው 30ን ዘሎ 18 ላይ ሊሸጥለት ይችላል፤ ትእዛዙ የሚያስነሳው ሽያጩን እንጂ ዋጋውን አይደለም። መውጫው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ማወቅ የሚፈልግ የመግዣና የመሸጫ ዋጋውን ጎን ለጎን ይመልከት። ውሉ 13 ሳንቲም ሆኖ በሁለቱ መካከል ሁለት ሳንቲም ካለ፣ ለመውጣት ብቻ ከቀረው ገንዘብ ሰባት ስምንት በመቶ እየከፈለ ነው።

ሻጩና የማታው ዕዳ

ውሉ በየቀኑ የሚቀልጥ ከሆነ ገዢ ከመሆን ሻጭ መሆን አይሻልም ወይ? ብዙ ጀማሪ ሁለተኛ ወሩ ላይ እዚህ ሐሳብ ላይ ይደርሳል፤ የሚማረውም ስፕሬድ የሚባለውን ነው። በቨርጂኒያ የሚኖር፣ ብሮከሩ ዘንድ 3,000 ዶላር ያለው አንድ ሰው እንውሰድ። ዓርብ ቀኑ ሲጋመስ፣ SPY 600 ላይ ሳለ፣ ባለ 598 ፑት ይሸጣል፤ ለመከላከያ ባለ 593 ፑት ይገዛል። ልዩነቱ 79 ዶላር እጁ ይገባል። ገበያው ከ598 በላይ ከዘጋ 79ኙ የእሱ ነው፤ ይህ የሚሆንበት ዕድል ከሦስት ሁለት ጊዜ ገደማ ነው። ከ593 በታች ከወረደ 421 ዶላር ይከስራል። ብዙ ጊዜ ትንሽ ያገኛል፣ አንዳንዴ የአምስት ቀን ገቢውን በአንድ ከሰዓት ይመልሳል። እስከዚህ ድረስ ስልኩ ላይ ተጽፏል፤ አደጋው ከ421 አይበልጥም ይላል።

አሁን SPY በ597.50 ዘጋ። ሰውየው ያሰላል፦ 50 ዶላር ወጣብኝ፣ 29 ዶላር አተረፍኩ። ስልኩን አስቀምጦ ይሄዳል። ግን የSPY ኦፕሽን በገንዘብ ብቻ የሚወራረድ አይደለም፤ በድርሻ ነው። አንድ ሳንቲም እንኳ ጥቅም ያለው ውል ሲያበቃ በራሱ ይፈጸማል። የሸጠው ፑት ስለተፈጸመበት ባለቤቱ 100 ድርሻ በ598 ያስረክበዋል፤ 59,800 ዶላር። መከላከያው፣ ባለ 593 ፑት፣ ገበያው ከሱ በላይ ስለዘጋ ባዶ ሆኖ ሞቷል። 3,000 ዶላር ያለው ሰው ቅዳሜና እሑድን የ60 ሺህ ዶላር ድርሻ ተሸክሞ ያድራል። ሰኞ ገበያው 588 ላይ ቢከፈትና ብሮከሩ ቢሸጥበት፣ በድርሻው 1,000 ዶላር ይከስራል፤ 79ኙ ሲቀነስ 921። ከ421 አይበልጥም የተባለው ይህ ነው።

ገበያው በ598.20 ቢዘጋም ሙሉ ሰላም የለም። ውሉን የያዘው ሰው ለማስፈጸም እስከ 11፡30 ጊዜ አለው፤ ብሮከሮች ብዙ ጊዜ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ከመዝጊያ በኋላ ዋጋው ወደ 596 ከወረደ፣ ፑቱን ማስፈጸም ይጠቅመዋልና ያስፈጽማል። አንዳንድ ብሮከሮች ይህን ስለሚያውቁ በቂ ገንዘብ የሌለውን ደንበኛ ውል በመጨረሻው ሰዓት ራሳቸው ይዘጉበታል፤ ያኔ ዋጋውን የሚመርጠው ደንበኛው አይደለም። SPX ላይና የሱ አንድ አሥረኛ በሆነው XSP ላይ ግን ይህ ችግር የለም። እነሱ በገንዘብ ብቻ ይወራረዳሉ፣ ከማብቂያቸው በፊትም አይፈጸሙም። ስለዚህ ውል ከመሸጥ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ምን ያህል ላተርፍ የሚል ሳይሆን ሲያበቃ ድርሻ ነው ወይስ ገንዘብ የሚደርሰኝ የሚል ነው።

የቨርጂኒያው ሰው መውጫ ነበረው። ከቀኑ 9፡55 ላይ፣ SPY 597.50 ላይ ሳለ፣ የሸጠውን ፑት መልሶ መግዛት 60 ዶላር ገደማ ያስወጣው ነበር። ያኔ 19 ዶላር ይዞ፣ ምንም ዕዳ ሳይኖርበት ቤቱ ይገባ ነበር። ሳይዘጋው የቆየው 29 ይሻላል ብሎ ነው፤ ያስከፈለችው ያች 10 ዶላር ናት።