ያልደረሰ መልእክት ሁሉ ዳግም አይላክም

አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር 800 አባላቱን ለጠቅላላ ጉባኤ ሊጠራ ነው እንበል። ጉባኤው እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ጥሪው ሐሙስ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በጅምላ በኤስኤምኤስ ተላከ። ምሽት ላይ ጸሐፊዋ ሪፖርቱን ስትከፍት 688 መልእክት ደርሷል፤ 112 ደግሞ ደርሷል አይልም። ገጹ ላይ «ላልደረሳቸው በሙሉ እንደገና ላክ» የሚል ቁልፍ አለ። በአንድ ጠቅታ ነገሩ የሚያልቅ ይመስላል።

ቁልፉ መነካት የለበትም። 112ቱ በአንድ ረድፍ ይቀመጡ እንጂ ጉዳያቸው አንድ አይደለም። ገና በመንገድ ላይ ያሉ አሉ፤ ቁጥሩ ራሱ የሌለም አለ። ጥቂቱን ዛሬ መላክ ይጠቅማል፤ ለሌላው መቶ ጊዜ ቢላክ ለውጥ የለም። ለእያንዳንዱ መልእክት ሦስት ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ጉዳዩ ተቋጭቷል ወይስ ገና ነው? ያልደረሰው በምን ምክንያት ነው? ሁለት ጊዜ ቢደርስስ ተቀባዩን ይጎዳዋል?

ሪፖርቱ ከጀርባው ምን እንደሚመስል እንይ። ብዙ የጅምላ መልእክት አገልግሎቶች ከቴሌኮም ኩባንያው ማዕከል ጋር የሚነጋገሩት ኤስኤምፒፒ በሚባል ስምምነት ነው። ማዕከሉ ስለ እያንዳንዱ መልእክት የሚመልሰው እንደዚህ ያለ መስመር ነው።

```
id:0044719021 sub:001 dlvrd:000 submit date:2503131000 done date:2503131000 stat:UNDELIV err:001 text:
id:0044719086 sub:001 dlvrd:000 submit date:2503131000 done date:2503141000 stat:EXPIRED err:006 text:
```

ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከዓመተ ምሕረቱ ጀምሮ የተጻፈ ነው፤ 250313 ማለት መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱም በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 1000 የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ይሆናል። አንዳንድ አገልግሎት ሰዓቱን በግሪንዊች ስለሚጽፍ፣ ሦስት ሰዓት ወደኋላ የቀረ ከመሰለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው።

አሁን የሁለቱን መስመሮች ጊዜ እናወዳድር። submit date መልእክቱ ለማዕከሉ የተሰጠበት፣ done date ደግሞ ጉዳዩ የተቋጨበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው እዚያው ደቂቃ ላይ ተቋጭቷል። ኔትወርኩ የደንበኞቹን መዝገብ ሲያይ ቁጥሩን ስላጣው ለመጠበቅ ምክንያት አልነበረውም። ሁለተኛው ግን ድፍን 24 ሰዓት ፈጅቷል። ቁጥሩ አለ፤ ስልኩ ግን ጠፍቶ ወይም ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ነበር። ማዕከሉ ሲሞክር ቆይቶ የተሰጠው ጊዜ ሲያልቅ ተወው። ሁለቱም «አልደረሰም» ይባላሉ፤ የሚወሰንላቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

stat የሚለው ውጤቱን፣ err የሚለው ምክንያቱን ይናገራል። የውጤቱ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ በአብዛኞቹ ዘንድም ተመሳሳይ ናቸው። DELIVRD ደርሷል፣ UNDELIV ሊደርስ አልቻለም፣ EXPIRED ጊዜው አልፎበታል፣ REJECTD ተቀባይነት አላገኘም፣ UNKNOWN መጨረሻው አልታወቀም ማለት ነው። ENROUTE ግን የመጨረሻ ውጤት አይደለም፤ መልእክቱ ገና በኔትወርኩ እጅ ነው። የምክንያት ኮዶቹ እንደዚህ የተረጋጉ አይደሉም። በስምምነቱ መሠረት err የሚለውን ቦታ እያንዳንዱ ኔትወርክ በራሱ ቁጥር ሊሞላው ይችላል። ብዙዎቹ የሞባይል ኔትወርክን መደበኛ ቁጥሮች እንዳሉ ያስተላልፋሉ፤ በእነዚህ 1 የማይታወቅ ደንበኛ፣ 6 እና 27 በወቅቱ ያልተገኘ ደንበኛ፣ 34 የሲስተም ብልሽት ነው። ሌላው አገልግሎት ደግሞ የራሱን ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ውል ሲፈረም የኮዶቹን ዝርዝር አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ያለዚያ ዝርዝር በኮድ ላይ ተመሥርቶ መወሰን ግምት ነው።

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። ሐሙስ ምሽት 112ቱ ሲፈተሹ 61 የመጨረሻ ውጤት የላቸውም፣ 42 UNDELIV፣ 9 REJECTD ናቸው።

ከሁሉ በፊት መለየት ያለባቸው 61ዱ ናቸው፤ ለእነሱ በዚህ ሰዓት መላክ ስሕተት ነው። ኔትወርኩ ራሱ ደጋግሞ እየሞከረ ነው። ስልኩ ተዘግቶ ከሆነም መልእክት እንደሚጠብቀው በደንበኞች መዝገብ ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ስልኩ ተከፍቶ ኔትወርክ ሲያገኝ መዝገቡ ለማዕከሉ ያሳውቃል፤ ማዕከሉም ይልካል። በዚህ መሀል ሁለተኛ ቅጂ ከተጨመረ ስልኩ ሲከፈት ሁለቱም ተከታትለው ይገባሉ። በምሳሌያችን ከ61ዱ 34ቱ ሌሊቱንና በማግስቱ ማለዳ ደረሱ። ቁልፉ ተጭኖ ቢሆን 34 ሰዎች አንዱን ጥሪ ሁለት ጊዜ ያገኙ ነበር።

ወጪውም ቀላል አይደለም። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ሲይዝ፣ በፊደላችን የሚጻፍ ግን 70 ብቻ ይይዛል። ከዚያ ሲበልጥ እየተከፋፈለ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ክፍልም 67 ምልክት ይይዛል። የማኅበሩ ጥሪ 118 ምልክት ስለሆነ ሁለት ክፍል ነው፤ ሒሳቡም እንደ ሁለት መልእክት ነው። ለ112 ሰው መላክ ማለት የ224 መልእክት ክፍያ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ሪፖርት ስላለው አንዱ DELIVRD ሌላው EXPIRED ሆኖ ሊገኝም ይችላል። ያኔ መልእክቱ እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ የሚላከውም ሙሉው እንጂ የጎደለው ቁራጭ አይደለም። ክፍሎቹ የሚገጣጠሙት በጋራ መለያ ቁጥር ስለሆነ ለብቻው የሚላክ ቁራጭ ከቀድሞው ጋር አይገጥምም።

ከ42ቱ UNDELIV ውስጥ 29ኙ ኮድ 001 ይላሉ። እነዚህን ማንም መላክ አያድናቸውም፤ መታየት ያለበት የአባላት መዝገቡ ነው። አባሉ ሲም ቀይሮ ይሆናል፤ ወይም ቁጥሩ ከወረቀት ሲገለበጥ አንድ አኃዝ ተሳስቷል። ጸሐፊዋ ዋናውን የምዝገባ ቅጽ ታያለች፤ ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር ያው ከሆነ በዋስ ወይም በቅርብ ዘመድ በኩል ትጠይቃለች። የቀሩት 13 ኮድ 034 ናቸው። ይህ የኔትወርኩ ችግር እንጂ የቁጥሩ አይደለም፤ ጉዳዩም ተቋጭቷል። ጥቂት ሰዓት ቆይቶ እንደገና ለመላክ ከእነዚህ የተሻለ እጩ የለም።

9ኙ REJECTD ከማዕከሉ አልፈው አልሄዱም። እንዲህ ያለው ውጤት ካልተፈቀደ የላኪ ስም ወይም ከቁጥር አጻጻፍ ሊመጣ ይችላል። ለሁሉም ሰው ቢደርስ ኖሮ የላኪው ስም ይጠረጠር ነበር፤ ለዘጠኝ ብቻ ከሆነ ግን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው። ዘጠኙም በ25109 ይጀምራሉ። የአገሩ ኮድ 251 ሲጨመር ከፊት ያለው ዜሮ ሳይነሣ ቀርቷል፤ 2519 ተብለው ሲታረሙ ይላካሉ። በኤክሴል የተዘጋጀ ዝርዝር ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ረጅሙን ቁጥር 2.51E+11 ብሎ አሳጥሮ ያሳየና በዚያው መልክ ወደ ሲኤስቪ ሲቀመጥ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ይጠፋሉ። ብዙ ቁጥሮች በዜሮዎች ካለቁ ጥፋቱ ይህ ነው፤ መፍትሔውም ከዋናው ዝርዝር እንደገና ማውጣት ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የመልእክቱ ዕድሜ አለቀ። ከ61ዱ የቀሩት 27 ነበሩ፤ 25ቱ EXPIRED ሆኑ፤ 2ቱ UNKNOWN። ለ25ቱ አሁን መላክ ይገባል፤ ምክንያቱም ማዕከሉ መልእክቱን ጥሎታል፤ ስልኩ ነገ ቢከፈትም የሚጠብቀው ነገር የለም። እዚህ ላይ የላኪውም ጉድለት ይታያል። ጉባኤው እሁድ ሆኖ ሳለ መልእክቱ የተሰጠው ዕድሜ 24 ሰዓት ነበር። ኔትወርኩ እስከፈቀደ ድረስ የመልእክት ዕድሜ ከጉዳዩ ጋር መሄድ አለበት፤ የጉባኤ ጥሪ እስከ ጉባኤው ሰዓት፣ የይለፍ ኮድ ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ።

ሁለቱ UNKNOWN ደርሰውም ሳይደርሱም ሊሆን ይችላል። ውሳኔው በመልእክቱ ይዘት ላይ ይቆማል። የጉባኤ ጥሪ ሁለት ጊዜ ቢደርስ ጉዳት ስለሌለው ይላካል። «ከሒሳብዎ 5,000 ብር ወጪ ሆኗል» የሚል ቢሆን ግን ሁለተኛው ቅጂ ሰውን ያስደነግጣል፤ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ የወጣ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ከመላኩ በፊት አገልግሎት ሰጪው በመልእክቱ መለያ ቁጥር ይጠየቃል።

ስለዚህ ዓርብ ምሽት የሚላከው ለ13፣ ለ9፣ ለ25 እና ለ2 ሰዎች፣ በድምሩ ለ49 ነው። ጽሑፉም እንዳለ አይገለበጥም። «ከሦስት ቀን በኋላ» ወይም «ነገ» የሚል ቃል ካለበት ቀኑን በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ዕድሜውም እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንዲያበቃ ይደረጋል። ቅዳሜ ማታ ገና ያልደረሰ ካለ ሦስተኛ መልእክት አይላክም፤ በስልክ ይደወላል፣ ወይም ጎረቤት አባል ይነግረዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው DELIVRD የሚለው ቃል እውነተኛ ከሆነ ነው። ቃሉ መልእክቱ ስልኩ ውስጥ ገባ እንጂ ተነበበ አይልም። ከዚህም የባሰ አለ። በርካሽ መስመር የሚልኩ አንዳንድ አገናኞች መልእክቱን ለቀጣዩ እንዳሳለፉ ብቻ DELIVRD ብለው ይመልሳሉ። ይህን ማወቂያው ቀላል ነው። በእጅ ያለ አንድ ስልክ ይዘጋና ቁጥሩ ከሚላክላቸው ጋር ይጨመራል። ስልኩ ተዘግቶ ሳለ DELIVRD ከመጣ የ688ቱም ሪፖርት ሊታመን አይችልም። ያኔ መላክ ከመደገም በፊት አገልግሎት ሰጪውን መጠየቅ፣ ካልተስተካከለም መለወጥ ይሻላል።