75 በመቶ ስንት ሰው ነው?

80 ክፍል ያለው አንድ የአዲስ አበባ ሆቴል እናስብ። ማክሰኞ ጠዋት ከእንግዳ መቀበያ ለጽዳት ክፍሉ ሱፐርቫይዘር የደረሰው ወረቀት፣ ትናንት ማታ 60 ክፍል ተይዞ እንዳደረ ይናገራል። ሲሰላ 75 በመቶ ነው። ሱፐርቫይዘሯ አምስት ክፍል አጽጂዎች መደበች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሥራው ተጠናቀቀ። ዓርብ ጠዋትም ወረቀቱ ያንኑ 60 ይዞ መጣ፤ እሷም ያንኑ አምስት ሰው መደበች። ያን ቀን ግን አሥር ሰዓት ሲሆን ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ሎቢ ውስጥ የሚጠብቁ እንግዶች ነበሩ። የተያዘላቸው ክፍል አልጋ ገና አልተነጠፈም።

ያደሩት እንግዶች ቁጥር አልተለወጠም። የተለወጠው የሚለቁት ቁጥር ነው። ማክሰኞ ከ60ው ክፍል የሚለቀቀው 8 ብቻ ሲሆን፣ በቀሪዎቹ 52 ያሉት እንግዶች ይቆያሉ። ዓርብ ግን የሳምንቱ ስብሰባ ስላበቃ 45 ክፍል ተለቀቀ፤ የቆየው 15 ብቻ ነው። የሆቴል ሰዎች የመጀመሪያውን ቼክ አውት፣ ሁለተኛውን ስቴይ ኦቨር ይሉታል። ለአጽጂዋ ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

እንግዳው የሚቆይበት ክፍል አልጋው ይስተካከላል፣ ቆሻሻው ይወጣል፣ ፎጣው ይቀየራል፣ መታጠቢያው ይታጠባል፤ የእንግዳው ዕቃ ካለበት አይነካም። የተለቀቀ ክፍል ግን ከባዶ ይጀመራል። አንሶላና የትራስ ልብስ በሙሉ ይገፈፋል፤ እያንዳንዱ መሳቢያ ተከፍቶ የተረሳ ዕቃ ይፈለጋል፤ አልጋው ሥር ይታያል፤ ማቀዝቀዣው፣ ካዝናውና የቴሌቪዥኑ ሪሞት ይፈተሻሉ፤ ሳሙናውና ውኃው ይተካል። በምሳሌያችን ሆቴል ለመጀመሪያው 20፣ ለሁለተኛው 40 ደቂቃ ይበቃል እንበል። ይህ ቁጥር የዚህ ሆቴል ነው፤ ክፍሉ ሰፊ ወይም አልጋው ሦስት የሆነበት ቤት የራሱን መለካት አለበት።

አሁን ሒሳቡ ቀላል ነው። ማክሰኞ 8 ክፍል በ40 ደቂቃ፣ 52 ክፍል በ20 ደቂቃ ሲባዛ 1360 ደቂቃ ይሆናል። ዓርብ 45 በ40፣ 15 በ20 ሲባዛ 2100 ይመጣል። አንዲት አጽጂ በስምንት ሰዓት ሥራ 480 ደቂቃ አላት፤ ነገር ግን ሁሉም ክፍል ውስጥ አይውልም። የጠዋት ስብሰባና የጋሪ ዝግጅት፣ አንሶላ ለማምጣት መመላለስ፣ በመጨረሻ ጋሪ መመለስና ቁልፍ ማስረከብ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳሉ ብንል 390 ይቀራል። 1360 ለ390 ሲካፈል ሦስት ተኩል ገደማ ነው፤ አራት ሰው ይበቃ ነበር። 2100 ሲካፈል ከአምስት በላይ ነው፤ ስድስት ሰው ያስፈልግ ነበር። ዓርብ የጎደለው 150 ደቂቃ፣ ማለትም አራት የተለቀቁ ክፍሎች ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ኃላፊዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሰው ሲመድቡ የሚያዩት ዛሬ ማታ ስንት ክፍል እንደሚያዝ ነው። የዛሬው ጽዳት ግን የሚመጣው ትናንት ማታ ካደረው ነው። ዛሬ የሚገቡት እንግዶች የሥራውን መጠን አይወስኑም፤ የሚወስኑት የትኛው ክፍል ቀድሞ እንደሚጸዳ ነው።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ የራሱ ሒሳብ አለው። የመልቀቂያው ሰዓት ቀን 6፣ የመግቢያው 8 ከሆነ በመሃል ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ አንዲት አጽጂ ሦስት የተለቀቁ ክፍሎች ትጨርሳለች፤ ስድስቱ ደግሞ 18። 25 እንግዶች እስከ 6 ሰዓት ሳይለቁ ከቆዩ 7 ክፍሎች 8 ሰዓት ላይ አይደርሱም፤ ምንም ያህል ቢሮጡ አይደርሱም። መፍትሔው ጠዋት ላይ ነው። በሌሊት ወይም በማለዳ በረራ የሄዱት ሰዎች ክፍሎች መጀመሪያ ይጸዳሉ፤ ቀጥሎ ለጉዳይ ወጣ ያሉት እንግዶች ክፍሎች፤ ምሳ ወደ 5 ሰዓት ይመጣና ከ6 እስከ 8 ያለው ጊዜ ለተለቀቁት ብቻ ይተዋል። ከስድስቱ አንዷ ደግሞ በ2 ሰዓት ፈንታ በ5 ሰዓት ብትገባ፣ አርፍደው የለቀቁትንና የማታውን ጥሪ የሚይዝ ሰው ይገኛል።

ይህ ሁሉ ግን 20 እና 40 በተባሉት ቁጥሮች ላይ የቆመ ነው። እነሱን የምናገኘው ከቼክሊስቱ ነው።

ጥሩ ቼክሊስት የሥራውን ቅደም ተከተል ይከተላል። መጀመሪያ በር ይንኳኳል፣ መስኮት ይከፈታል፣ አምፖል ሁሉ በርቶ ይታያል። ቆሻሻና ያገለገለ አንሶላ ይወጣል። ከዚያ ሽንት ቤቱ ላይ መድኃኒት ተረጭቶ ይተዋል፤ አልጋው እስኪነጠፍ ድረስ ይሠራል። መድኃኒት ረጭቶ ወዲያው መጥረግ ጊዜም መድኃኒትም ያባክናል። አቧራ ከላይ ወደ ታች፣ ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ይጠረጋል፤ የሚዘለል ነገር እንዳይኖር። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ መስተዋቱና እጅ መታጠቢያው ይቀድማሉ፤ ሽንት ቤቱ ይከተላል፤ የእሱ ጨርቅ ቀለሙ ተለይቶ ሌላ ቦታ አይገባም። ወለሉ የመጨረሻው ነው፤ ወደ በሩ እያፈገፈጉ።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ሳይሆን አሞላሉ ነው። በሥራ ማብቂያ ላይ ጋሪው አጠገብ ቆሞ የ12 ክፍል ምልክት በአንድ ትንፋሽ ማድረግ የተለመደ ነው። የሚታወቅበት መንገድ አለው። ምልክቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንድም ጉድለት አልተመዘገበም፤ አምፖሉ የተቃጠለው ክፍል እንኳ "መብራት ይሠራል" ተብሎለታል። ስለዚህ ቼክሊስቱ ምልክት ብቻ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ ካልሆኑ የማይሞላ ነገር ይጠይቅ፦ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው የጠርሙስ ብዛት፣ የገቡበት ሰዓት፣ የወጡበት ሰዓት።

ሁለቱ ሰዓቶች አጽጂዋን ለመቆጣጠር ብቻ የተጻፉ ቢመስሉም ዋና ጥቅማቸው ለእሷው ነው። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት በሐቅ ከተሞሉ ሱፐርቫይዘሯ የቤቷን እውነተኛ አማካይ ታገኛለች። ከፈጣኗ አጽጂ ብቻ የተወሰደ ልኬት ሌሎቹን ያስጨንቃል። ሥራው በጊዜው ያለቀ ይመስላል፤ ግን አልጋው ሥር፣ የበሩ አናትና የመታጠቢያው ማዕዘን ተትተዋል። በሌላ በኩል 55 ደቂቃ የፈጀውን ክፍል ነቀፋ ፈርታ 40 ብላ የጻፈች አጽጂ፣ በሚቀጥለው ዓርብ የምትፈልገውን ስድስተኛ ሰው ራሷ ሰርዛዋለች። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሯ ረጅሙን ሰዓት ስታይ ከቁጣ በፊት ምክንያቱን ትጠይቅ፤ ሦስት ሕፃናት ያሉት ቤተሰብ ያደረበት ክፍል ሊሆን ይችላል።

ስሌቱ የማይዘው ነገርም አለ። በሩ ላይ "አትረብሹኝ" የሚል ምልክት የሰቀለ እንግዳ ቀኑን ሙሉ ላያስገባ ይችላል፤ እለቃለሁ ያለው አንድ ቀን ይጨምራል። ለዚህ ነው ምደባው ማታ ተሠርቶ ጠዋት ከእንግዳ መቀበያው ዝርዝር ጋር የሚታረመው፤ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ አንዴ።

በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት ያው ወረቀት ይመጣል። ሱፐርቫይዘሯ 60ውን አይታ ታልፈዋለች፤ እስክሪብቶዋን አንስታ የምታከብበው 45ን ነው።