ሲወድቁ መንቃት፦ ሰውነታችን ምን እየነገረን ነው?

ገና እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርግዎ ከደረጃ ወይም ከገደል የወደቁ መስሎዎት በድንጋጤ ነቅተው ያውቃሉ? ልብዎ ይመታል፤ የትዳር ጓደኛዎም አብሮ ይነቃል። ለልጅ ከሆነ “እያደግህ ነው” ይባላል። አዋቂው ግን ክፉ መንፈስ የገፋው እየመሰለው የሚፈራበት ጊዜ አለ።

ነገሩ ከንቃት ወደ እንቅልፍ በምንሻገርበት ደቂቃ የሚፈጠር ነው። ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ትንፋሽ ይረጋጋል፤ ንቃትን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል ግን ሥራውን በአንድ ጊዜ አይለቅም። በዚህ መሃል ድንገተኛ ትእዛዝ ወደ ጡንቻዎች ይደርስና እግር ወይም መላ አካል ይፈናጠራል። የመውደቅ ስሜቱም ከዚሁ ጋር ይመጣል። አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ያጋጥመዋል፤ በራሱም በሽታ አይደለም።

ታዲያ ሲደጋገምስ? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አባወራ ሥራው ሊቋረጥ መሆኑን ሰምቶ ለሚስቱ አልነገራትም እንበል። ማታ በ12 ሰዓት ቡና ይጠጣል፤ በ5 ሰዓት ይተኛል። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ሲተኛ ግማሹ ገና አልወጣለትም። የደበቀው ስጋትም በላዩ ላይ አለ። ሁለቱ ተደምረው አንጎሉን ያነቁታል፤ በየሌሊቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈናጠራል። ይህን ፈርቶ መኝታ ይሸሻል፤ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ መፈናጠሩን ያባብሰዋል።

ስሜቱ ሥራውን እንደሚያጣ የሚናገር ትንቢት አይደለም። ከእጁ የወጣ ነገር ብቻውን መሸከሙን ግን ያሳይ ይሆናል። ስለዚህ ቡናውን ወደ ጠዋት ያምጣ። መኝታ ላይ ሳይሆን ቀድሞ፣ ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብሎ የቤት ኪራዩንና በእጅ ያለውን ገንዘብ ይቁጠር፤ ስንት ወር እንደሚያደርሳቸው አብረው ይወቁ። መፈናጠሩ ፈጽሞ ላይጠፋ ይችላል፤ ድግግሞሹና ፍርሃቱ ግን ሊቀንሱ ይችላሉ።

የተኛው ሰው የማያየውን የትዳር ጓደኛው ያያል። እግሩ ሌሊቱን በየግማሽ ደቂቃው የሚወራጭ ከሆነ፣ ምላሱን ከነከሰ ወይም ሽንት ካመለጠው ለሐኪም ይንገሩ። ጠዋት ከተነሳ በኋላም እጁ እየተፈናጠረ ስኒ የሚያስጥለው ከሆነ የሚጥል በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራው አይዘግይ። ሐኪሙ መፈናጠሩ ገና ሲያሸልብ ነው ወይስ ከነቃ በኋላ ብሎ መጠየቁ አይቀርምና ሰዓቱን ጽፋችሁ ሂዱ።